የስልክ ገደብ አስቀምጬ ሳለ ሌሊቱን ስልክ ስነካካ የማነጋው ለምንድን ነው?

መምህር ከአዘዞ — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡40

ጤና ይስጥልኝ። አዘዞ ላይ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜዬ ጠዋት 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ስለሆነ ከንጋቱ 12 ሰዓት መነሣት ይኖርብኛል፤ ሆኖም ከትምህርት መጀመሪያ ወዲህ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል በፊት የተኛሁበትን ቀን አላስታውስም። ማታ የተማሪዎችን ደብተር አርሜ እንደ ጨረስኩ «ለአምስት ደቂቃ» ብዬ ቲክቶክ እከፍታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሰዓቱን የማየው ዓይኔ ሲቃጠል ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት በአንድሮይድ ስልኬ ላይ ሁለት ነገር አደረግሁ። አንደኛ፣ ለቲክቶክ በቀን የ45 ደቂቃ ገደብ አበጀሁለት። ሁለተኛ፣ የአትረብሽ መርሐ ግብሩን ከ4 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ሞላሁት፤ ማታ 4 ሰዓት ዝም ብሎ ንጋት 12 ሰዓት ላይ እንዲለቀቅ ማለቴ ነው።

ውጤቱ ግን ፈጽሞ ሊገባኝ አልቻለም። ማታ ማታ የቴሌግራም ድምፅ እንደ ቀድሞው ይጮኻል። ቲክቶክን ደግሞ ቀን በእረፍት ሰዓት ልከፍተው ስል፣ ከነጋ አንድ ጊዜ እንኳ ሳልነካው «የዛሬው ጊዜህ አልቋል» ይለኛል። ባለፈው ዓርብ እኅቴ ከቆላ ድባ እናታችን እንደ ታመመች ልትነግረኝ ረፋድ 3 ሰዓት ላይ ደውላልኝ ነበር፤ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ሆኖ አልሰማሁም፤ ያየሁት ምሳ ሰዓት ላይ ነው። እናቴ አሁን ደኅና ናት፤ እኔ ግን ያንን ቀን ልረሳው አልቻልሁም። ስልኩ ተበላሽቶ ነው ወይስ እኔ የሳትኩት ነገር አለ?

የቀበሌ 14 ልጅ — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡15

መምህር፣ 45 ደቂቃ በጣም ብዙ ነው፤ ወደ 15 ያውርዱት። ደግሞም ከሁሉ የሚሻለው የመኝታ ሰዓት ሁነታ ነው፤ ስልኩ ላይ `Bedtime mode` የሚለውን ፈልገው ያብሩት። እኔ ካበራሁት ወዲህ ስክሪኑ ማታ ቀለሙን አጥቶ ግራጫ ይሆናል፤ ግራጫ የሆነ ቪዲዮ ደግሞ ማንንም አይስብም። መተግበሪያዎቹንም ይዘጋል። ሌላ ምንም አያስፈልግዎትም።

የልጆች አባት — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡50

ይህ ችግር በእኔም ቤት ገብቷል። የ13 ዓመት ልጄ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ሌሊቱን ስልክ ሲነካካ አግኝቼዋለሁ። ስልኩን ብነጥቀው ይሻላል ወይስ እኔ ከራሴ ስልክ ሆኜ የምዘጋበት መንገድ አለ? መምህርም ልጃቸውን እንዲህ ቢያደርጉት ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

ጠጋኟ ከፒያሳ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

መምህር፣ ስልክዎ አልተበላሸም። ፒያሳ ላይ ስልክ ስጠግን ዓመታት ሆኖኛል፤ የእርስዎን ዓይነት ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው ከጎንደር አይጠፋም፤ ምክንያቱም ሁለቱም ችግሮችዎ የሚመነጩት የእኛ ሰዓት አቆጣጠርና የስልኩ ሰዓት አቆጣጠር ከመለያየታቸው ነው።

ከአትረብሹ ልጀምር። እርስዎ የጻፉት 4 እና 12 ነው። ስልኩ የሚያውቀው ግን የፈረንጁን ሰዓት ነው፤ ለእርሱ 4:00 AM ማለት በእኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፤ 12:00 PM ደግሞ ቀትር 6 ሰዓት ነው። ስለዚህ ስልክዎ ሦስቱን ሳምንት ሙሉ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀትር ድረስ ዝም ሲል ቆይቶ ማታውን ሙሉ ሲጮህ ነበር። እኅትዎ ረፋድ 3 ሰዓት ሲደውሉ በስልኩ 9:00 AM ነበር፤ ያኔ አትረብሽ በሥራ ላይ ነው። የፈለጉት ከማታ 4 እስከ ንጋት 12 ከሆነ መሙላት ያለብዎት ከ10:00 PM እስከ 6:00 AM ነው። ስልኩን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ቢያደርጉት 22:00 እና 06:00 ብለው ስለሚሞሉ ቢያንስ የAM እና የPM ስሕተት ይቀርልዎታል፤ ስድስት ሰዓት የመደመሩና የመቀነሱ ነገር ግን ከእርስዎ አይወርድም።

ሁለተኛው ከዚህ ይበልጥ ረቂቅ ነው። ለእኛ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነቅቶ የተቀመጠ ሰው በልቡ ያለው ገና «ማታ» ላይ ነው። ስልኩ ግን ቀኑን የሚለውጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው፤ የመተግበሪያ ገደብም የሚታደሰው በዚያች ደቂቃ ነው። እስኪ የእርስዎን ሌሊት እናስበው። ማታ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ይከፍታሉ እንበል፤ 45 ደቂቃው 5 ሰዓት ከሩብ ላይ ያልቃል፤ ስልኩም ይዘጋዋል። እርስዎ ቴሌግራም ላይ ትንሽ ቆይተው 6 ሰዓት ሲያልፍ ቲክቶክን ሲነኩት ይከፈታል፤ ምክንያቱም አዲስ 45 ደቂቃ ተሰጥቶዎታል። እርሱን 7 ሰዓት ገደማ ላይ ይጨርሱታል። በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ሲከፍቱት «አልቋል» የሚልዎት እውነቱን ነው፤ የዛሬውን ድርሻ ሌሊት ጨርሰውታል።

ይህ እውነት መሆኑን ነገ ጠዋት ማረጋገጥ ይችላሉ። ሲነሡ ምንም ሳይከፍቱ ወደ ቅንብሮች ገብተው `Digital Wellbeing` የሚለውን ይንኩ። እዚያ በዛሬው ቀን ሥር የሚያዩት ደቂቃ ሁሉ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ያጠፉት ነው። ንጹሕ ከሆነ እኔ ተሳስቻለሁ።

የቀበሌ 14 ልጅ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡55

ስለዚህ እኔ እንዳልኩት 15 ደቂቃ ቢያደርጉት ሌሊት የሚያጠፉት ሁለት ጊዜ 15 ብቻ ይሆናል ማለት ነው።

ጠጋኟ ከፒያሳ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ስሌትህ ልክ ነው፤ ደቂቃው በእርግጥ ይቀንሳል። ሆኖም 15 ደቂቃ ማታ 3 ሰዓት ላይ የጨረሰ ሰው 6 ሰዓትን እየጠበቀ ሲያመሽ አይቻለሁ፤ የእድሳቱ ሰዓት ራሱ የመንቂያ ምክንያት ሆነ ማለት ነው። ገደብ የሚጠቅመው ቀን ሥራ ላይ ስልክ ለሚያበዛ ሰው ነው። የመምህር ችግር ግን የደቂቃ ብዛት አይደለም፤ የሰዓቱ ቦታ ነው። ስለዚህ በደቂቃ የሚቆጥረውን ትተው በሰዓት የሚዘጋውን መያዝ አለባቸው።

የመኝታ ሰዓት ሁነታን በተመለከተ፣ ስለ ግራጫው ያልከው ትክክል ነው፤ ቪዲዮን በእውነት ያደበዝዘዋል። መተግበሪያ ይዘጋል ያልከው ግን ልክ አይደለም፤ ድምፅን ጸጥ ያሰኛል፣ ቀለምን ያነሣል እንጂ ቲክቶክን ብትነካው ይከፈታል። ቴሌግራም ላይ ጽሑፍ ለሚያነብ ሰው ደግሞ ግራጫው ምንም አይለውጥም፤ ድሮም የሚያነበው ጥቁር ፊደል ነበር።

የሚዘጋው `Focus mode` የሚባለው ነው። መምህር፣ እዚያው `Digital Wellbeing` ውስጥ ያገኙታል። ከገቡ በኋላ የሚያስመሽዎትን መተግበሪያዎች ይምረጡ፤ ከዚያ መርሐ ግብር የሚለውን ነክተው ከ10:00 PM እስከ 6:00 AM ይሙሉና የሳምንቱን ቀኖች ይምረጡ። ሰዓቱ ሲደርስ የመረጧቸው መተግበሪያዎች ምልክታቸው ይደበዝዛል፤ ማሳወቂያቸውም አይመጣም፤ ቢነኳቸው ቆመዋል የሚል ጽሑፍ ይወጣል። እኩለ ሌሊት ሲያልፍ አይታደስም፤ የሚከፈተው ሲነጋ ነው። የቲክቶክን የ45 ደቂቃ ገደብ ያጥፉት፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የትኛው እንደ ዘጋዎት ማወቅ ያስቸግራል።

ለልጆች አባት፦ መምህር የጠየቁት ስለ ራሳቸው ስልክ ነው። የእርስዎ ጉዳይ ግን ሌላ መሣሪያ አለው፤ `Family Link` የሚባለውን በእርስዎም በልጅዎም ስልክ ላይ ጭነው የመኝታ ሰዓት ከእርስዎ ስልክ ሆነው ያስቀምጡለታል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ስልኩ ይቆለፋል። ከመንጠቁ በፊት እርሱን ይሞክሩ፤ ለልጁም አስቀድመው ይንገሩት።

የልጆች አባት — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡45

አመሰግናለሁ እኅቴ፤ ጥያቄውን በትክክል ሳላነብ ነው የገባሁት። ቅዳሜ እሞክረዋለሁ።

ሲስተር — ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡10

እኔ ነርስ ነኝ፤ የማመሸው እንደ መምህር ነው፤ ነገር ግን አትረብሽን ለማብራት እፈራለሁ። ተረኛ ባልሆንኩበት ሌሊትም ሰው ሲጎድል ይጠሩኛል። አንዳንዴ የሚደውሉት ከክፍሉ ስልክ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ የተረኛ ጓደኛዬ ከራሷ ስልክ ትደውላለች። የሽፍት ለውጥ የሚነገረው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። በዚያ ላይ በየሳምንቱ የእንቅልፍ ሰዓቴ ይለዋወጣል፤ የሌሊት ተረኛ በሆንኩበት ሳምንት የምተኛው ቀን ነው። ለእንደ እኔ ያለ ሰው መፍትሔ አለ?

ጠጋኟ ከፒያሳ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡40

ሲስተር፣ ጥሪውንና ግሩፑን ለያይተን እንያቸው።

አትረብሽ ውስጥ ማን እንዲያልፍ የሚመረጥበት ቦታ አለ። የክፍሉን ስልክ ቁጥርና የቅርብ ጓደኞችሽን ቁጥር መዝግበሽ ኮከብ አድርጊባቸው፤ ከዚያ ኮከብ ያላቸው ብቻ እንዲደውሉ ፍቀጂ። ከእርሱ በታች ደጋግሞ የሚደውልን የሚያሳልፍ ምርጫ አለ፤ እርሱንም አብሪው። በአንድሮይድ አንድ ቁጥር በ15 ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ከደወለ ያልተመዘገበ ቢሆን እንኳ ይጮኻል። ወሰኑን ግን እወቂው፤ አንደኛዋ ነርስ አንድ ጊዜ፣ ሌላኛዋ ከራሷ ስልክ አንድ ጊዜ ብትደውል ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ስለሆኑ እንደ ድግግሞሽ አይቆጠርም። ስለዚህ «ሁለቴ ደውሉ» ከማለት ይልቅ «ከክፍሉ ስልክ ደውሉ» ብትያቸው ይታመናል። የመምህርም እኅት ኮከብ ይገባታል፤ ያን ዓርብ ኮከብ ቢኖራት ኖሮ የተሳሳተው ሰዓት እንኳ አይከለክላትም ነበር።

ቴሌግራምን `Focus mode` ውስጥ ካስገባሽው የግሩፑ መልእክትም አይደርስሽም። ስለዚህ እርሱን አታቁሚው፤ የሚያስመሽሽን ቻናሎች በየስማቸው ድምፃቸውን አጥፊና `Archive` ወደሚባለው መዝገብ ክፍል አስገቢያቸው፤ የሥራው ግሩፕ ብቻ ከላይ ይቅር። አትረብሽ በበራበት ሰዓት ግን የዚያ ግሩፕ ማሳወቂያም ስለማይጮኽ፣ አስቸኳይ የሆነ ነገር በጥሪ እንዲነገርሽ ከክፍሉ ሰዎች ጋር ተስማሚ።

ስለ ተለዋዋጩ ሽፍት፣ ለአትረብሽ ከአንድ በላይ መርሐ ግብር ማበጀት ስለሚቻል አንዱን ለሌሊት፣ ሌላውን ለቀን አድርገሽ እንደ ሳምንቱ ታበሪያለሽ። `Focus mode`ን ግን ከላይ ወደ ታች በሚወርደው መስኮት ላይ ምልክቱን አስቀምጠሽ ልትተኚ ስትይ በእጅሽ ብታበሪው ይሻላል።

ሲስተር — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡05

የጥሪው ነገር ልቤን አሳርፎልኛል፤ የክፍሉን ቁጥር አሁኑኑ ኮከብ አደረግሁበት። በእጅ የሚበራው ግን ያሳስበኛል። ከ12 ሰዓት ሥራ በኋላ ደክሞኝ ስገባ በገዛ እጄ የምዘጋ ብሆን ኖሮ መጀመሪያውኑ አላመሽም ነበር።

ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ሰፈር — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡30

እኔ የምጠቀመው አይፎን ነው፤ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። `Downtime` የሚባለውን ከ10:00 PM እስከ 6:00 AM አስቀምጬ ለአንድ ወር ያህል ምንም አልጠቀመኝም፤ ምክንያቱም የሚዘጋው መስኮት ሥር `Ignore Limit` የሚል ጽሑፍ አለ፤ እርሱን ስነካው አንድ ደቂቃ፣ 15 ደቂቃ ወይም ለዛሬ በሙሉ ብሎ ያስመርጠኛል። ጣቴ ሳላስበው ወደዚያ መሄድ ለመደ።

በኋላ ያገኘሁት መፍትሔ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው `Block at Downtime` የሚለውን ማብራት ነው፤ ያለ እርሱ መዘጋቱ ማሳሰቢያ ብቻ ነው። ሁለተኛው ለ`Screen Time` ባለ አራት አኃዝ የምስጢር ቁጥር ማስገባት ሲሆን፣ ቁጥሩን ባለቤቴ ፊቷን አዙራ አስገባችው፤ እኔ አላውቀውም። ከዚያ በኋላ ከልቡ ሠራ፤ ማታ 4 ሰዓት ላይ ስልኩ ስልክ ብቻ ይሆናል፤ መደወልና መልእክት ብቻ ይሠራል።

ያፈረሰው አንድ አጋጣሚ ነው። ባለቤቴ ባሕር ዳር ሄዳ ሳለ ሌሊት የባንክ መተግበሪያ ፈለግሁና ደውዬ ቁጥሩን ነገረችኝ። ከዚያ ሌሊት በኋላ ቁጥሩን አወቅሁት፤ በሁለተኛው ቀን ለባንክ ሳይሆን ለዩቲዩብ አስገባሁት። አሁን ቁጥሩን ለውጣዋለች፤ ባንኩን ደግሞ ሁልጊዜ የተፈቀዱ የሚለው ዝርዝር ውስጥ አስቀድመን አስገብተነዋል። የምትሞክሩ ካላችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ሌሊት የምር የሚያስፈልጋችሁን መተግበሪያ አስቡና ዝርዝሩን ሙሉ፤ የቁጥሩ ምስጢር የሚወጣው ሁልጊዜ በእንዲህ ያለ በቂ ምክንያት ነው።

የቀበሌ 14 ልጅ — ሐሙስ፣ ከረፋዱ 4፡20

የመኝታ ሰዓት ሁነታዬ ትናንት ማታ ጨርሶ አልበራም። መብራት ሄዶ ነበር። ግንኙነት ይኖረዋል?

ጠጋኟ ከፒያሳ — ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡30

ይኖረዋል። ስታስጀምረው በሰዓት ወይስ ቻርጅ ላይ ሲሆን የሚል ምርጫ ያቀርባል፤ አንተ የመረጥከው ቻርጁን ሳይሆን አይቀርም። መብራት ከሌለ ስልኩ ቻርጅ ላይ ስላልሆነ ሁነታው አይነሣም። በሰዓት ወደሚለው ቀይረው፤ እኛ አገር ከሶኬት ጋር የታሰረ መርሐ ግብር አይታመንም።

መምህር ከአዘዞ — የተከታዩ ሳምንት ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡15

መጀመሪያ ለእኅታችን ምስጋናዬ ይድረሳት። እንዳለችው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ምንም ሳልከፍት ተመለከትሁ፤ በዛሬው ቀን ሥር ቲክቶክ 45 ደቂቃ፣ ቴሌግራም 22 ደቂቃ ይል ነበር። ገና ፊቴን ሳልታጠብ የቀኑ ድርሻዬ አልቆ ነበር።

አትረብሹን ወደ 10:00 PM እና 6:00 AM አስተካከልሁ፤ የእኅቴንና የእናቴን ቁጥር ኮከብ አደረግሁ፤ እኅቴ ማታ 5 ሰዓት ላይ ደውላ እንድትሞክረው ነገርኋትና ጮኸ። ገደቡን አጥፍቼ `Focus mode` ውስጥ ቲክቶክን፣ ፌስቡክንና ዩቲዩብን አስገባሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች ከ5 ሰዓት በፊት ተኛሁ። በሦስተኛው ሌሊት ግን በክሮም ገብቼ ቲክቶክን በድረ ገጹ ስከፍት ራሴን አገኘሁት፤ የቆመው መተግበሪያው እንጂ ድረ ገጹ አልነበረም። ስለዚህ ክሮምንም ጨመርሁት። በአምስተኛው ሌሊት ደግሞ ለአምስት ደቂቃ ተጠቀም የሚለውን ነካሁ፤ ከዚያም ደገምሁት፤ ደግሜም ነካሁት። ዛሬ ጠዋት በዛሬው ቀን ሥር ያየሁት 10 ደቂቃ ነው።

አንድ ያልተፈታ ነገር ይቀረኛል። ኢንተርኔት የምገዛው በሌሊት ጥቅል ነው፤ ዋጋው ከቀኑ ስለሚረክስ ለትምህርት የሚሆኑ ቪዲዮዎችን የማወርደው ሌሊት ነው። ጥቅሉ ሳያልቅ ከነጋ ገንዘቤ የባከነ ይመስለኛል፤ እንግዲህ የሚያስቀምጠኝ ቲክቶክ ብቻ አልነበረም።

ጠጋኟ ከፒያሳ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡10

የክሮሙን ስላወቁት ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት የሚያመልጠው በእርሱ በኩል ነው። የአምስት ደቂቃውን ቁልፍ ግን በአንድሮይድ ለራስዎ የሚያጠፉበት መንገድ አላውቅም፤ የአይፎኑ ወንድማችን ያገኘው ዓይነት የምስጢር ቁጥር ለአዋቂ ሰው እዚህ የለም። የደቂቃውን ቁጥር ጠዋት ጠዋት ማየትዎን ግን አያቋርጡ።

ለማውረዱ፣ ዩቲዩብን ካቆሙት እርሱ ራሱ ሌሊት አይሠራም። ስለዚህ ከጥቅሉ መጀመሪያ አንሥቶ ሰዓቱን ይገጣጥሙት፤ ጥቅልዎ ማታ 4 ሰዓት ላይ የሚጀምር ከሆነ `Focus mode`ን በ10:30 PM ያስጀምሩት፤ በዚያ ግማሽ ሰዓት የሚወርደውን ሁሉ ተራ በተራ ያስይዙት። ለግማሽ ሰዓት የሚሆን ትንሽ ጥቅል ይግዙ፤ ትልቁን ገዝተው ለመጨረስ መቀመጥ ይቀርልዎታል።

መምህር ከአዘዞ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡25

ግማሽ ሰዓቱ ለሁለት ቪዲዮ ይበቃኝ እንደሆነ አላውቅም፤ አዘዞ ላይ ኔትወርኩ አንዳንድ ማታ እጅግ ይደክማል። ዛሬ በ10:30 PM አስተካክዬ እሞክረዋለሁ።

ሲስተር — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00

መምህር፣ ከነገ ወዲያ ሌሊት ተረኛ ነኝ፤ ቀን ስተኛ በእጅ ማብራቱን ሞክሬ እኔም የጠዋቱን ሳይሆን የማታ 12 ሰዓቱን ደቂቃ እነግራችኋለሁ። በእጅ ሳይበራ በሽፍት ሰንጠረዥ የሚሄድ ነገር የሚያውቅ ሰው ካለ እስከዚያ ድረስ ይጻፍልኝ።